«ይህ ኮድ ምን ጎደለው?»፦ በሥራ ቃለ መጠይቅ ስለሚነሡ የደኅንነት ጥያቄዎች

የዛሬው ንግግሬ በተለይ ለሶፍትዌር ሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጁ ወጣቶች ነው። ይሁንና የይለፍ ቃል ያለው ሰው ሁሉ ጉዳዩ ይነካዋልና ኮድ ጽፎ የማያውቅም ሰው ሊከተለኝ እንዲችል አድርጌ አቀርበዋለሁ። በአዋጅ ቁጥር ውስጥ ካለው በቀር ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራቸው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሮክዩ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ለፌስቡክና ለማይስፔስ ተጠቃሚዎች የፎቶ ማሳያና ትናንሽ ጨዋታዎችን ይሠራ ነበር። በታኅሣሥ 2009 አንድ ጠላፊ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ በነበረ ቀዳዳ ገብቶ የዳታቤዙን ይዘት ወሰደ። ቀዳዳው ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ነው። ዓይነቱ አዲስ አልነበረም፤ ከ1998 ጀምሮ በጽሑፍ ሲነገርለት ቆይቷል። የተወሰደው ግን ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃል ነበር፤ ሁሉም ተጠቃሚዎቹ እንደተየቧቸው፣ ምንም ሳይደረግባቸው፣ ፊደል በፊደል የተቀመጡ ናቸው። ዝርዝሩ ሲጠና ከሁሉ በብዛት የተገኘው `123456` ነበር፤ 290 ሺህ ያህል ሰው መርጦታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች አሉ። አንደኛው ጠላፊውን አስገባው፤ ሁለተኛው የገባው ሰው ያገኘውን ነገር ወዲያው ሊጠቀምበት እንዲችል አደረገው። ጎበዝ ጠያቂ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚፈልገው ይህን መለየት የሚችል ሰው ነው። ትርጉም በቃል የሚያነበንብ ተወዳዳሪ በየቀኑ ያጋጥመዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ኢንጀክሽን ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ አጭር ኮድ ያቀርብና «ይህ ምን ጎደለው?» ይላል። እኛም ዛሬ እንዲሁ እናድርግ። ኮዱ የመግቢያ ገጽ ነው፦

```python
q = ("SELECT id FROM users WHERE name = '" + name +
     "' AND password = '" + pw + "'")
row = db.execute(q).fetchone()
```

ኮድ ለማታነቡ በአማርኛ ልግለጸው። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው የተየበውን ስምና የይለፍ ቃል ይቀበላል፤ ከራሱ ዓረፍተ ነገር ጋር ቀጣጥሎ አንድ ረጅም ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ለዳታቤዙም «ስሙ ይህ፣ የይለፍ ቃሉም ይህ የሆነ ሰው ካለ መለያ ቁጥሩን ስጠኝ» ብሎ ይልከዋል። ሰው ከተገኘ በሩ ይከፈታል።

ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አስቡ። ባለጉዳዩን «ስምህ ማነው?» ይለዋል። ባለጉዳዩ «አበበ፤ የተከሰስኩበትም ጉዳይ ተዘግቷል» ብሎ ይመልሳል። ጸሐፊው የሰማውን ሁሉ ሳያመዛዝን በስሙ ቦታ ከገለበጠው፣ ስም ተብሎ የተነገረው ነገር ውሳኔ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። የኛ ኮድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተጠቃሚው በስም ሳጥኑ ውስጥ `abebe' -- ` ብሎ ቢተይብ፣ ዳታቤዙ ዘንድ የሚደርሰው የሚከተለው ነው፦

```sql
SELECT id FROM users WHERE name = 'abebe' -- ' AND password = 'x'
```

ከ`abebe` ቀጥላ የተተየበችው ነጠላ ጭረት ስሙን ዘጋችው። ሁለቱ ሰረዞች ደግሞ በኤስኪውኤል «ከዚህ በኋላ ያለው ማስታወሻ ነው፤ አትመልከተው» ማለት ናቸው። የይለፍ ቃሉ ጥያቄ እንዳለ ተሰረዘ፤ ጠላፊውም አበበን ሆኖ ገባ። የመፈለጊያ ሳጥን ላይ ተመሳሳይ ስሕተት ካለ ነገሩ ይብሳል። `UNION SELECT` የሚለውን ትእዛዝ በመጨመር የዕቃ ዝርዝር በሚታይበት ቦታ የተጠቃሚዎችን ሠንጠረዥ ማስነበብ ይቻላል። በአንድ ሰው ስም ከመግባት አልፎ ሙሉ ሠንጠረዥ መውሰድ የሚቻለው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

ይህ ቀዳዳ መኖሩ በምን ይታወቃል? አንዳንዴ ያለ ምንም ጠላፊ ራሱ ይናገራል። በአገራችን ስሞች ላይ ይህ በተለይ ይታያል፤ መዓዛ የምትባል ሴት ስሟን በላቲን `Me'aza` ብላ ስትጽፍ ያቺ ነጠላ ጭረት ስሟ ውስጥ አለች። ዳታቤዙ ስሙ `Me` ላይ ያለቀ ይመስለዋል፤ ቀጥሎ ያለውን `aza` ሊተረጉመው ያቅተዋል፤ ገጹም በስሕተት መልእክት ይሰበራል። መዓዛ «ሲስተሙ ስሜን አይቀበልም» ብላ ስታመለክት የድጋፍ ሠራተኛው ጭረቷን አውጥታ እንድትሞክር ይነግራትና ጉዳዩ ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር ያ አቤቱታ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ነበር። ስሟ ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ፣ ማለትም ኪዌሪውን፣ መስበር ከቻለ፣ ሌላ ሰው ደግሞ እንደገና ሊጽፈው ይችላል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው ሲባሉ ብዙ ተወዳዳሪዎች «ጭረቶቹን ማጣራት» ይላሉ። ይህ ደካማ መልስ ነው። ቁጥር የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ጠላፊው ጭረት አያስፈልገውም፤ `5 OR 1=1` ብሎ መጻፍ ይበቃዋል። ትክክለኛው መልስ ትእዛዙንና መረጃውን ለየብቻ መላክ ነው፦

```python
row = db.execute(
    "SELECT id, pw_hash FROM users WHERE name = ?", (name,)
).fetchone()
```

ዳታቤዙ መጀመሪያ የጥያቄ ምልክት ያለበትን ዓረፍተ ነገር ይተነትናል፤ ምን እንደሚፈለግ ከወሰነ በኋላ ስሙን ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ በስሙ ውስጥ ምንም ቢጻፍ ስም ከመሆን አያልፍም። `abebe' -- ` የሚባል ሰው ይፈልጋል፤ አያገኝም፤ አለቀ። የመዓዛም ስም ያለ ችግር ይገባል።

እዚህ ላይ ጠያቂው ሁለት ወጥመድ ሊያኖር ይችላል። የመጀመሪያው «ስሙን በ`execute` ውስጥ በኤፍ ስትሪንግ ባስገባውስ?» የሚል ነው። እሱ ጽሑፍ መቀጠል ነው፤ ዳታቤዙ ዘንድ ሲደርስ ትእዛዙና ስሙ ተዋሕደዋልና ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛው ይበልጥ ብልህ ነው፦ «ተጠቃሚው ዝርዝሩ በየትኛው ዓምድ እንዲደረደር ቢመርጥስ?» የጥያቄ ምልክቱ ዋጋ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የዓምድ ወይም የሠንጠረዥ ስም ሊተካ አይችልም። እዚያ ላይ የሚፈቀዱትን ስሞች በኮዱ ውስጥ ዘርዝሮ፣ የመጣው ከነዚያ አንዱ ካልሆነ አለመቀበል ነው ያለው መንገድ። ይህን ጥያቄ የመለሰ ሰው መሣሪያውን ከነወሰኑ እንደሚያውቀው ያሳያል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ኮድ እንመለስና `AND password =` የሚለውን እንየው። ብዙ ሰው ኢንጀክሽኑን ካገኘ በኋላ ደስ ብሎት ይቆማል። ነገር ግን ይህ ቁራጭ ሌላ ነገር ያጋልጣል፤ ተጠቃሚው የተየበው ቃል ዳታቤዙ ውስጥ ካለው ጋር በቀጥታ የሚነጻጸር ከሆነ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ራሱ የይለፍ ቃሉ ነው። የሮክዩ ሁለተኛ ጥፋት እዚህችው አንድ መስመር ላይ ተቀምጧል።

«እንግዲያው ኢንክሪፕት እናድርገው» የሚል መልስ ይመጣል። ኢንክሪፕት የተደረገ ነገር በቁልፍ ይፈታል፤ አገልጋዩን የሰረቀ ሰው ደግሞ ቁልፉን አብሮ ሊወስድ ይችላል። ለመግቢያ የይለፍ ቃሉን መልሶ ማንበብ አያስፈልገንም፤ ሰውየው ያንኑ ቃል መተየቡን ማወቅ ብቻ ይበቃናል። ለዚህ የሚሆነው ሀሽ ነው። ሀሽ ማናቸውንም ጽሑፍ ወደ ቋሚ ርዝመት ምልክት የሚለውጥ፣ ወደ ኋላ የማይመለስ ስሌት ነው።

ይሁን እንጂ «ሀሽ አድርጌ አስቀምጣለሁ» ብሎ ማቆም ሊንክድኢን የወደቀበትን ጉድጓድ መድገም ነው። በ2012 ከሊንክድኢን የወጡ 6.5 ሚሊዮን የይለፍ ቃል ሀሾች ኢንተርኔት ላይ ተለጠፉ። የተሠሩት ሻ-1 በሚባል ስሌት ነበር። ሻ-1 የተሠራው ፋይሎችንና ፊርማዎችን በፍጥነት ለማረጋገጥ ነው፤ ችግሩም ፍጥነቱ ነው። አንድ ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ በሰኮንድ ቢሊዮኖች የሻ-1 ስሌት ይሠራል። ጠላፊው ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልገውም፤ ሰዎች የሚወዷቸውን ቃላት አንድ በአንድ ሀሽ እያደረገ ያመሳስላል። የቃላቱን ዝርዝር ከየት ያመጣል? ከሮክዩ። ከዚያ ስርቆት የተውጣጣው `rockyou.txt` የሚባለው ፋይል ከ14 ሚሊዮን በላይ የማይደጋገሙ የይለፍ ቃሎችን ይዟል፤ እስከ ዛሬም የደኅንነት ፈታሾች መሣሪያ ሳጥን ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ በሻ-1 ለመሞከር አንድ ሰኮንድ እንኳ አይሞላም።

የሊንክድኢን ሀሾች ሶልትም አልነበራቸውም። ሶልት ማለት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው የሚፈጠር፣ ከይለፍ ቃሉ ጋር ተቀላቅሎ ሀሽ የሚደረግ የዘፈቀደ ጽሑፍ ነው። ሶልት ከሌለ ሺህ ሰዎች `123456` ቢሉ የሺሁም ሀሽ አንድ ይሆናል፤ አንዱ ሲፈታ ሺሁ አብሮ ይፈታል። ሶልት ካለ ጠላፊው ለእያንዳንዱ ሰው ሥራውን ከሀ መጀመር አለበት። ሶልት ምስጢር እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ከሀሹ ጎን በግልጽ ይቀመጣል። «ሶልቱ ከተሰረቀስ?» ሲባል የሚደነግጥ ተወዳዳሪ ብዙ ነው። ቢሰረቅም ሥራውን ይሠራል፤ ሥራው የጠላፊውን ልፋት በሰው ቁጥር ማባዛት ነውና።

ፍጥነቱን ለመግደል ደግሞ ሆን ተብለው ቀርፋፋ የተደረጉ ስሌቶች አሉ። ቢክሪፕት ከ1999 ጀምሮ አለ። አርጎን2 በ2015 የይለፍ ቃል ሀሽ ውድድርን አሸንፎ የወጣ ነው፤ ከጊዜ በተጨማሪ ብዙ ሜሞሪ ስለሚጠይቅ የግራፊክስ ካርዶችን ጥቅም ይቀንሳል። አዲስ ሥራ ከጀመራችሁ አርጎን2አይዲን ምረጡ፤ ቢክሪፕት ያለበትን ሥርዓት ግን ለማፍረስ አትቸኩሉ። በቢክሪፕት `$2b$12$` ብሎ የሚጀምር ሀሽ ስታዩ 12 የሥራው ክብደት ነው፤ በአንድ በጨመረ ቁጥር ስሌቱ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ክብደቱን የአንድ ሰው መግቢያ በእናንተ ማሽን ላይ ሩብ ሰኮንድ ያህል እንዲፈጅ አስተካከላችሁ እንበል። ተጠቃሚው ሩብ ሰኮንድ አይሰማውም። በዚያው ማሽን አንድ ፕሮሰሰር ኮር የ`rockyou.txt`ን 14 ሚሊዮን ቃላት ለመሞከር የሚነሣ ሰው ግን ለአንድ ተጠቃሚ 41 ቀን ያህል ይፈጅበታል። የጠላፊው ማሽን ከዚህ የበረታ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከአንድ ሰኮንድ በታች የነበረው ሥራ ምን ያህል እንደራቀው አስሉት። `123456` የመረጠውን ሰው ግን ይህ አያድነውም፤ ያ ቃል በዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ነው ያለው።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ የተለየ ነገር አለ። ቢክሪፕት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይቶች ብቻ ነው። የላቲን ፊደል በዩቲኤፍ-8 አንድ ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይወስዳል። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ረጅም ሐረግ መርጦ እጅግ ተጠበቅሁ የሚል ሰው ከ24 ፊደል በኋላ የጻፈው ነገር ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ብዙ ላይብረሪዎች ይህን ያደርጉ የነበሩት ምንም ሳይናገሩ ነው። የአማርኛ ተጠቃሚ ያለበትን ሥርዓት ስትሠሩ ይህን በፈተና አረጋግጡ፦ በ25ኛው ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት የይለፍ ቃሎች አንዱ በሌላው ቦታ የሚያስገቡ ከሆነ ቃሉ እየተቆረጠ ነው።

የተስተካከለው መግቢያ እንግዲህ ሀሹን በስም ያወጣና ከዚያ በኋላ ያመሳክራል፦

```python
ok = row is not None and bcrypt.checkpw(
    pw.encode("utf-8"), row["pw_hash"])
```

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ ኦተንቲኬሽን ነው፤ «ይህ ሰው ማነው?» ለሚለው መልስ መስጠት። ኦቶራይዜሽን ደግሞ «ይህ ሰው ይህን ነገር እንዲያይ ወይም እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል?» ነው። ልዩነቱን ሁሉም ተወዳዳሪ ይናገረዋል፤ ኮድ ውስጥ ሲጠፋ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም የጠፋ ነገር መስመር ስለሌለው ዓይን ላይ አያርፍም። እስቲ ይህን ተመልከቱ፦

```python
user = require_login(request)
bill = db.execute("SELECT * FROM bills WHERE id = ?",
                  (request.args["id"],)).fetchone()
return show(bill)
```

መግቢያ ይጠየቃል። ኪዌሪው ከኢንጀክሽን ንጹሕ ነው። የይለፍ ቃሉም በአርጎን2 ተቀምጧል እንበል። ግን አበበ ገብቶ የራሱን ሒሳብ በ`?id=1041` ከከፈተ በኋላ ቁጥሩን 1042 ቢያደርገው የሌላ ሰው ሒሳብ ይከፈትለታል። `user` የሚለው ከመጀመሪያው መስመር በኋላ አንድም ቦታ እንዳልተጠቀሰ አስተውሉ። ምልክቱ ይህ ነው፤ ሰውየውን ጠይቀን ማንነቱን ካወቅን በኋላ ረሳነው።

ይህ የተማሪ ስሕተት ብቻ አይደለም። በ2011 የሲቲ ባንክ የክሬዲት ካርድ ድረ ገጽ በዚህ መንገድ ተዘርፏል። አጥቂዎቹ በትክክለኛ መለያ ገቡ፤ ከዚያ በአድራሻው መስመር ላይ የሚታየውን የሒሳብ ቁጥር በሌላ ቁጥር እየተኩ፣ ሥራውንም በፕሮግራም እየደጋገሙ፣ የ360 ሺህ ያህል ደንበኞችን መረጃ አወጡ። የማንንም የይለፍ ቃል መስበር አላስፈለጋቸውም።

መድኃኒቱ ባለቤትነቱን በኪዌሪው ውስጥ ማስገባት ነው፦

```sql
SELECT * FROM bills WHERE id = ? AND owner_id = ?
```

ሁለተኛው ዋጋ ከሴሽን መምጣት አለበት፤ ከአሳሹ የመጣ `owner_id` ከተቀበላችሁ ጠላፊው እሱንም ይለውጠዋል። «ቁጥሩን የማይገመት ረጅም ኮድ ባደርገውስ?» ለሚለው መልሴ ጠቃሚ ነው፣ አይበቃም የሚል ነው፤ አድራሻ በኢሜይል ይላካል፣ በታሪክ መዝገብ ይቀራል፣ በስክሪን ፎቶ ይወጣል። አዝራሩን ከገጹ መደበቅም እንዲሁ ነው፤ ጠላፊው አዝራር አይጫንም፣ ጥያቄውን በቀጥታ ይልካል። ጠያቂው ስለ ምላሽ ቁጥሮች ከጠየቃችሁ፣ ያልገባ ሰው 401 ይሰጠዋል፤ ገብቶ ያልተፈቀደለት 403። የነገሩን መኖር ራሱ መግለጽ የማትፈልጉ ከሆነ 404 መመለስ ተገቢ ነው።

ይህን ጉድለት አውቶማቲክ መፈተሻዎች በቀላሉ አያገኙትም። ጥያቄው ቅርጹ የተስተካከለ፣ ምላሹም የተስተካከለ ነው፤ ሒሳቡ የማን መሆን እንዳለበት የሚያውቀው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የሚፈተነውም በቀላል መንገድ ነው። ሁለት መለያ ፍጠሩ፤ በአንዱ ግቡና የሌላውን ቁጥር ጠይቁ፤ ከተሰጣችሁ ተሰብሯል። ይህን ለእያንዳንዱ ገጽ በፈተና ኮድ ጻፉት፤ ማየትን ብቻ ሳይሆን ማረምንና መሰረዝንም ፈትኑ። ኦዋስፕ የሚባለው ተቋም በሚያወጣው የአደጋዎች ዝርዝር በ2017 ኢንጀክሽን አንደኛ፣ የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት አምስተኛ ነበሩ፤ በ2021 የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት አንደኛ ወጣ፣ ኢንጀክሽን ወደ ሦስተኛ ወረደ። እኔ እንደማየው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኢንጀክሽንን ፍሬምወርኮች በእኛ ፈንታ ይከላከሉልናል፤ የማን ሒሳብ የማን እንደሆነ ግን ፍሬምወርክ አያውቅም።

በቃለ መጠይቅ ላይ ተመሳሳይ ኮድ ሲቀርብላችሁ ቀዳዳውን ከጠራችሁ በኋላ አትቁሙ። ምን ተይቦ እንደሚጠቃ አሳዩ፤ ምን እንደሚወሰድ ተናገሩ፤ አስተካክሉት፤ ከዚያም ያ መከላከያ ቢወድቅ ቀጣዩ ምን እንደሚያድን ጨምሩ። ሮክዩ ላይ ኢንጀክሽኑ ባይዘጋ እንኳ የይለፍ ቃሎቹ በቢክሪፕት ቢቀመጡ ኖሮ ጉዳቱ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ኩባንያው በ2012 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ከፍሏል፤ ከክሶቹ አንዱ የሕፃናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰቡ ነበር።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። እነዚህን ነገሮች በእጃችሁ ሞክሯቸው፤ ነገር ግን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ። ኦዋስፕ ጁስ ሾፕና ዌብጎት ሆን ተብለው ቀዳዳ እንዲኖራቸው የተሠሩ፣ በነፃ የሚወርዱ መለማመጃዎች ናቸው። የትምህርት ቤታችሁን፣ የባንካችሁን ወይም የመሥሪያ ቤታችሁን ገጽ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አትንኩ። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በራሱ ወንጀል ነው፤ ምንም ሳትወስዱ ብትወጡም።